የሌላ ሰው ጂሜይል ከስልክ ላይ ሲነሳ፦ ስሞቹ የማን ናቸው?

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ሁለት ጂሜይል አለ። አንዱ የእኔ ነው። ሌላውን ያስገባው ስልኩን መጀመሪያ አስተካክሎ የሰጠኝ ሰው ነው፤ ፓስወርዱን አላውቀውም። ከጥቂት ወራት ወዲህ በዚያ አካውንት «እንደገና ግባ» የሚል መልእክት እየመጣ አስቸግሮኛል። ላነሳው ስል ደግሞ ስልክ ቁጥሮችና ሌላ መረጃ ይጠፋሉ ብሎ ያስፈራራኛል። ስልኬ ላይ 412 ስም አለ፤ በራሴ ጂሜይል ኮምፒዩተር ላይ ስከፍት ግን 37 ብቻ ነው የሚታየኝ። ጓደኛዬ «ሁሉንም ሲም ላይ ገልብጬልሃለሁ፣ አንሳው» ይለኛል። ላንሳው?

መልስ፦ ዛሬ አያንሱት። የሲሙንም ቅጂ አይመኑት።

412 እና 37 የሚሉት ቁጥሮች ብቻ ነገሩን ነግረውኛል። ስልክዎ አዲስ ስም በተመዘገበ ቁጥር የሚያስቀምጠው በእርስዎ ጂሜይል ሳይሆን በዚያ ሰው ጂሜይል ስር ነው፤ መጀመሪያ የገባው አካውንት እሱ ስለሆነ ስልኩ እንደ ዋና ቆጥሮታል። «እንደገና ግባ» የሚለው መልእክት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ይነግረኛል። ሰውየው ፓስወርዱን ሳይቀይር አልቀረም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲንክ፣ ማለትም ስልኩ ስሞቹን ወደ ጉግል መላኩ፣ ቆሟል። ስለዚህ ባለፉት ወራት የመዘገቧቸው ስሞች ከዚህ ስልክ በቀር የትም የሉም። አካውንቱን ቢያነሱ የድሮዎቹ እርስዎ በማይከፍቱት አካውንት ውስጥ ይቀራሉ፤ አዲሶቹ ግን ጭራሽ ይጠፋሉ።

እንግዲህ አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ የስሞቹን ፋይል ከስልኩ ውጪ ከፍተው በዓይንዎ ሳያዩ `Remove account` የሚለውን አይንኩ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ይህን ነገር ማስረዳት እወዳለሁና ትንሽ ይታገሱኝ። የስልክዎ ስም ዝርዝር አንድ ደብተር ይመስላል፣ ግን አይደለም። ከበስተጀርባው ሰንጠረዥ አለ። እያንዳንዱ ስም አንድ መስመር ነው፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ደግሞ የባለቤቱ ማንነት ተጽፏል። `account_name` በሚባለው አምድ ላይ ኢሜይሉ፣ `account_type` በሚባለው ላይ የአካውንቱ ዓይነት ይቀመጣል። ስልኩ ላይ ብቻ የተመዘገበ ስም የጉግል ባለቤት የለውም፤ ሌላ አካውንት ሲነሳ አይነካም። `dirty` የሚባል ሦስተኛ አምድም አለ። አንድ ስም ተመዝግቦ ወይም ተስተካክሎ ገና ወደ ሰርቨር ካልሄደ እዚያ ላይ 1 ይጻፋል፤ ሲንክ ሲያልፍ ወደ 0 ይመለሳል። አካውንት ሲነሳ ስልኩ የሚያደርገው ቀላል ነው፦ በዚያ ኢሜይል ስም ያለውን መስመር ሁሉ ይደመስሳል። የትኛው 1፣ የትኛው 0 ነው ብሎ አይለይም። «ዋናው ሰርቨር ላይ አለ» ብሎ ስለሚያስብ ቅጂውን ብቻ የጣለ ይመስለዋል። የእርስዎ ሲንክ ከቆመ ወራት ስላለፉ፣ ባለ 1 መስመሮች ተከማችተው ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። አንድ ሰው በሁለት አካውንት ስር ተመዝግቦ ከሆነ ስልኩ ሁለቱን መስመር አጣብቆ እንደ አንድ ሰው ያሳያል። አካውንቱ ሲነሳ ስሙ ባለበት ይገኛል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ቁጥር ወይም ፎቶው የለም። «ምንም አልጠፋም» ያሉ ሰዎች ከሳምንት በኋላ አንድ ቁጥር ፈልገው ሲያጡ አይቻለሁ።

ወደ ሲሙ ልምጣ። ሲም ካርድ ስም እንዲይዝ የተሠራው ድሮ ነው። ብዙዎቹ 250 አካባቢ ስም ይይዛሉ፣ የእርስዎ 412 ነው። ቀሪው የት ሄደ? በዚያ ላይ ለአንድ ስም የተመደበው ቦታ ጠባብ ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል እዚያ ሁለት ይወስዳል፤ ስለዚህ በአማርኛ የጻፉት ስም መሐል ላይ ይቆረጣል። «አቶ እገሌ የመኪና» ብቻ ይቀርልዎታል፤ ሹፌር ይሁን መካኒክ አይታወቅም። ሁለተኛ ቁጥር፣ ኢሜይልና ፎቶም አብረው አይሄዱም። ጓደኛዎ ለክፉ አላሰቡም፣ ግን እንዲህ ያለውን ግማሽ ሥራ ስንት ጊዜ እንዳቃናሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

አሁን ወደ ሥራው። የጉግልን የኮንታክት አፕ ይክፈቱና ላይኛው ጥግ ያለውን የፕሮፋይል ምስል ነክተው አካውንቶቹን አንድ በአንድ እየቀያየሩ ስንት ስም እንዳለባቸው ይዩ። ከዚያ `Organize` በሚለው ስር (በቆየው የአፑ ዓይነት `Fix & manage` ይላል) `Export to file` የሚለውን ይንኩ። የየትኛውን አካውንት ብሎ ሲጠይቅ የሰውየውን ይምረጡ። ባለ `.vcf` ፋይል ይወጣልዎታል። ስሞችን ወደ ሌላ አካውንት የሚያዛውር ምርጫም አለ፤ እኔ ግን ቅጂ ማውጣቱን እመርጣለሁ። መሐል ላይ ቢበላሽ ዋናው ካለበት አልተነቃነቀምና።

ፋይሉን ሜሞሪ ካርድ ላይ አያስቀምጡ። 128 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ የሆነ ርካሽ ካርድ ሞልቷል። ከልኩ ሲያልፍ ፋይሉን የተቀበለ መስሎ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል፤ የሚታወቀው ደግሞ ፋይሉ የተፈለገ ዕለት ነው። ፎቶ ከሌለበት የጥቂት መቶ ስም ፋይል በጣም ትንሽ ነው፤ ከራስዎ ጂሜይል ለራስዎ ይላኩት።

ኮምፒዩተር ላይ አውርደው በኖትፓድ ይክፈቱት። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ አይደንግጡ፦

```
BEGIN:VCARD
VERSION:2.1
N;CHARSET=UTF-8;ENCODING=QUOTED-PRINTABLE:;=E1=8A=A5=E1=88=9B=E1=88=9B;;;
```

ያ የእኩልታ ምልክት የበዛበት መስመር «እማማ» የሚለው ስም ነው። አንድሮይድ የአማርኛ ፊደልን እንዲህ ገልብጦ ይጽፋል፤ ተመልሶ ሲገባ ይስተካከላል። የሚያሳስበው የ`BEGIN:VCARD` ብዛት ከጠበቁት በታች ከሆነ ነው። ከዚያ `contacts.google.com` ላይ በራስዎ ጂሜይል ገብተው `Import` ብለው ፋይሉን ያስገቡ። 37 የነበረው ወደ 412 መጠጋት አለበት። በሁለቱም ቦታ የተመዘገቡ ሰዎች ካሉ ድርብ ሆነው ስለሚታዩ ቁጥሩ ሊያልፍም ይችላል። ቁጥሩ ብቻ አይበቃኝም። በቅርቡ የመዘገቧቸውን ሦስት አራት ሰዎች በስም ይፈልጉ፤ የሚያስፈሩኝ እነሱ ናቸውና። ከተገኙ ዋናው ሥራ አልቋል። በኮንታክት አፑ ሴቲንግ ውስጥም አዲስ ስም የሚመዘገብበትን ዋና አካውንት ወደ ራስዎ ይቀይሩ።

ፎቶዎች ቀለል ይላሉ። በፋይል ማያው `DCIM` ውስጥ `Camera` የሚለውን ፎልደር ይክፈቱ፤ እዚያ የሚታየው ሁሉ አካውንቱ ቢነሳም ስልኩ ላይ ይቀራል። ነገር ግን የጉግል ፎቶ አፕ በሰውየው ጂሜይል ሲያስቀምጥ ከነበረና አንድ ቀን «ቦታ ላስለቅቅ» ሲልዎ እሺ ብለውት ከሆነ፣ የተለቀቁት ፎቶዎች ያሉት በእሱ አካውንት ብቻ ነው። እነዚያን ማግኘት የሚቻለው ራሱን በመጠየቅ ነው።

ዋትስአፕ የታሰረው በስልክ ቁጥር ስለሆነ የተጻጻፏቸው መልእክቶች አይነኩም። ስሞቹ ከተነሱ ግን በስም ፈንታ ቁጥር ይደረደርልዎታል፤ ስሞቹ በራስዎ ጂሜይል ሲገቡ ይመለሳሉ። ባክአፑ በየትኛው ጂሜይል እንደሚቀመጥ ግን `Chat backup` ውስጥ ገብተው ይዩ፣ ወደ ራስዎ ቀይረውም አንዴ ባክአፕ ያድርጉ። አጭር መልእክት፣ የጥሪ ዝርዝርና ያወረዷቸው ፋይሎች ይቆያሉ። የሰውየው ኢሜይልና ካላንደር ከስልኩ ይጠፋሉ፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ግን እንዳለ ነው። በዚያ አካውንት የተጫኑ አፖችም አይነሱም፤ በእሱ የተገዙት ብቻ ሊያስቸግሩ ይችላሉ። በብሮውዘር ያስቀመጧቸው ፓስወርዶች በእሱ ስር ከሆኑ አብረው ይሄዳሉ፤ ቀድመው ይጻፏቸው።

ፋይሉን ከስልኩ ውጪ አይተዋል? አሁን ሴቲንግ ውስጥ `Passwords & accounts` (ሳምሰንግ ከሆነ `Accounts and backup`፣ ከዚያ `Manage accounts`) ገብተው ኢሜይሉን ይምረጡ። የእርስዎን ሳይሆን የሰውየውን መሆኑን ሁለት ጊዜ አንብበው `Remove account` ይበሉ። የአካውንቱን ፓስወርድ አይጠይቅዎትም፤ የስልኩን መክፈቻ ፒን ሊጠይቅ ይችላል። ይህ የሰውየውን አካውንት ማጥፋት አይደለም፤ ከስልክዎ ማስወጣት ብቻ ነው።

«ሪሴት አድርገው ይገላገሉ» የሚልዎት ሰውም አይጠፋም። እንቢ ይበሉ። ሪሴት ያልተቀዱትን ስሞች ከነፎቶው ይጠርጋል። በማብሪያና በድምፅ ቁልፎች የተደረገ እንደሆነ ደግሞ፣ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ስልኩ ሲነሳ ቀድሞ የነበረበትን ጂሜይል ይጠይቃል። ፓስወርዱ ከጠፋ እጅዎ ላይ የተቆለፈ ስልክ ሊቀር ይችላል። አንድ ቀን ስልኩን ለሌላ ሰው ሲሰጡ ጂሜይሎቹን በሙሉ አስቀድመው ያንሱ፤ ከዚያ ሪሴቱን ከሴቲንግ ውስጥ ያድርጉ።

ከተነሳ በኋላ ሰውየው እስካሁን የተቀዱትን ስሞችዎን በራሱ በኩል ያያቸዋል፤ እንዲሰርዝልዎ እሱን ይጠይቁ። ይህን የሚጠይቁት ግን ስሞቹ በራስዎ ጂሜይል ከታዩ በኋላ ይሁን። የ`.vcf` ፋይሉን ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ወር ከኢሜይልዎ አይሰርዙት፤ ሁለተኛ ቁጥር የጎደለበት ሰው የሚታወሰው ሊደውሉለት ሲፈልጉ ነው።