ፊክስድ ይላል፣ ነጥቡ ግን ቦታው ላይ የለም፦ የቤዝና የሮቨር ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ዙር ጥያቄዎች ላይ ላዩን ሲታዩ ይለያያሉ። አብዛኞቹ ግን የሚነሱት ከአንድ ቦታ ነው፤ አንድ ነጥብ ላይ ቆሞ እርማት ከሚልከው የሳተላይት ሪሲቨር፣ ከቤዙ። ሰው ሁሉ ዓይኑን በፖል ይዞ ነጥብ በሚለካበት ሪሲቨር፣ በሮቨሩ ላይ ተክሎ ይውላል፤ ነገር የሚበላሸው ግን ገና ጠዋት፣ ትራይፖዱ ሲተከል ነው።

«ትናንት ቤዝ ተክዬ አርባ ያህል ነጥብ ለካሁ። ዛሬ እዚያው ቦታ ተክዬ የትናንቱን ችካል ስለካው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ፈቀቅ ብሏል። ሁለቱንም ቀን ፊክስድ ነበር። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?»

መሣሪያዎ ደህና ነው። ቤዙን ሲያስነሱ ኮኦርዲኔት ከማስገባት ይልቅ «ያለሁበትን ቦታ ውሰድ» የሚለውን ምርጫ ተጭነዋል። ሁላችንም ተጭነነው እናውቃለን፤ ፈጣን ነው፣ ምንም አይጠይቅም። ችግሩ፣ ያኔ ቤዙ ቦታውን የሚገምተው ያለ ማንም እርማት፣ ከሳተላይት ብቻ ነው። እንዲህ ብቻውን የቆመ ሪሲቨር በሜትር ደረጃ ይሳሳታል። ትናንት አንድ ግምት ወሰደ፣ ዛሬ ሌላ ግምት ወሰደ።

ሮቨሩ በሴንቲሜትር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቤዙ በየት አቅጣጫ፣ ምን ያህል እንደራቀ። ከዚያ ቤዙ «እኔ እዚህ ነኝ» ብሎ የላከለትን ቁጥር ይቀበልና የራሱን ልኬት ይደምርበታል። ቤዙ ሜትር ተኩል ከተሳሳተ ሮቨሩም ልክ ያንኑ ያህል ይሳሳታል። ፊክስድ ማለቱን ግን አይተውም፤ ምክንያቱም ፊክስድ የሚናገረው በሁለቱ መካከል ስላለው ልኬት እንጂ ስለ ቤዙ ኮኦርዲኔት አይደለም።

የላኩልኝን ቁጥሮች አየኋቸው። ችካሉ ትናንት በምሥራቅ 318.412፣ በሰሜን 204.875፣ በከፍታ 1241.208 ነበር (የፊተኞቹን አሃዞች ትቻቸዋለሁ)። ዛሬ 319.655፣ 203.941 እና 1243.016 ሆኗል። ስለዚህ የዛሬው ሥራ በምሥራቅ 1.243 ሜትር ጨምሯል፣ በሰሜን 0.934 ቀንሷል፣ በከፍታ 1.808 ወጥቷል። በአግድም ሲሰላ 1.555 ሜትር ነው።

አሁን ይህን ልዩነት ይዘው ነጥቦቹን ለማረም አይቸኩሉ። በአንድ ችካል ብቻ አይታረምም፤ ችካሉ ራሱ ተነቅንቆ ሊሆን ይችላል። ከትናንቶቹ መካከል ራቅ ያለ ሌላ ነጥብ ይለኩ። እዚያ ልዩነቱ ለምሳሌ 1.239፣ 0.930 እና 1.820 ቢመጣ ሁለቱ በምሥራቅም በሰሜንም በ4 ሚሊ ሜትር፣ በከፍታ በ12 ሚሊ ሜትር ይስማማሉ ማለት ነው። ይህ የተለመደ የልኬት መዋዠቅ ነው። ያኔ አማካዩን ይውሰዱና ከዛሬ ነጥቦች ሁሉ በምሥራቅ 1.241 ይቀንሱ፣ በሰሜን 0.932 ይጨምሩ፣ በከፍታ 1.814 ይቀንሱ። ሁለቱ ልዩነቶች ካልተስማሙ ግን ጣጣው ሌላ ነው፤ ያኔ ማካካስ ሳይሆን መልሶ መለካት ነው።

ለነገ፦ ቤዙ የቆመበትን ነጥብ በምስማር ወይም በኮንክሪት ምልክት ያድርጉበት። የመጀመሪያው ቀን ያገኙትን ኮኦርዲኔት ስም ሰጥተው ያስቀምጡ። በሁለተኛው ቀን ትራይፖዱን በትክክል እዚያው ምልክት ላይ ያቁሙና «የሚታወቅ ነጥብ» ብለው ያንኑ ቁጥር ያስገቡ። የሚቀየረው የአንቴናው ቁመት ብቻ ነው። ቁጥሩ በእውነተኛው ዓለም ሜትር ተኩል የተሳሳተ ቢሆንም እንኳ ሥራዎ እርስ በርሱ ይገጥማል።

ሥራው ከሌላ ሰው ካርታ ጋር መግጠም ካለበት ግን ይህ አይበቃም። ወይ በታወቀ የቅየሳ ነጥብ ላይ ይቁሙ፣ ወይ ቤዙ እየሠራ ሳለ ጥሬ ዳታውን ለሰዓታት ይቅዳ። በኋላ ከቋሚ ጣቢያ ዳታ ጋር አስልተው ትክክለኛውን ኮኦርዲኔት ያገኛሉ፤ ነጥቦቹንም ሁሉ በዚያ ልክ ያንቀሳቅሳሉ። አምስት ደቂቃ አማካይ ማስወሰድ ያድናል የሚሉ አሉ። አያድንም። በአየር ንብርብሩ ምክንያት የሚመጣው ስህተት ቀስ ብሎ ነው የሚለዋወጠው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ራሱን አያጣፋም።

«ተማሪ ነኝ። የቤዙን አንቴና ቁመት በቴፕ ስለካ በትራይፖዱ መሃል ቀጥ ብዬ መውረድ አልቻልኩም፣ በሰያፍ ለካሁ። ይሄንኑ ላስገባ ወይስ ላስላው?»

ሁለቱም ይሆናል፤ ኮንትሮለሩ ላይ የለካሽበትን ዓይነት በትክክል ከመረጥሽ። ሰያፍ ለክተሽ «ቀጥታ» የሚለው ላይ ከጻፍሽው ነው ጉዱ። በእጅ ማስላት ካሻሽ ቀመሩ ይኸው፤ `s` በሰያፍ የለካሽው፣ `r` ከአንቴናው መሃል እስከ ለካሽበት ጠርዝ ያለው ርቀት ነው።

```
h = √(s² − r²)
h = √(1.620² − 0.130²) = 1.615
```

ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ትራይፖዱ ዝቅ ሲልና አንቴናው ሲሰፋ ግን ይጨምራል። ይህ ቀመር የሚሰጥሽ እስከ ለካሽበት ጠርዝ ያለውን ቁመት መሆኑን አትርሺ። ከዚህ የሚበልጠው ስህተት የት ድረስ እንደለካሽ አለማወቅ ነው። አንዳንዱ አንቴና ጎኑ ላይ የመለኪያ ምልክት አለው፣ አንዳንዱ የሚለካው እስከ ታችኛው ገጹ ነው። በመካከላቸው ሴንቲሜትሮች አሉ። የአንቴናውን ሞዴል ከዝርዝሩ ውስጥ በትክክል ምረጪና ሥዕሉን ተመልከቺ። በሦስት ጎን ለክተሽ ካልተስማማልሽ አንቴናው አልተስተካከለም። ማታ ስትነቅይም ድገሚው፤ ትራይፖድ ለስላሳ አፈር ላይ ይሰምጣል።

የቁመት ስህተት ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከፍታው ሁሉም ነጥብ ላይ እኩል ይዛነፋል፣ አግድሙ ግን ንክች አይልም። ቤዙ ላይ 1.615 መሆን ሲገባው 1.500 ብትጽፊ ነጥቦችሽ በሙሉ 11.5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብለው ይመጣሉ። ሮቨሩ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ፖሉ 2 ሜትር ተስቦ ሳለ 1.8 ከጻፍሽ መሬቱ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል።

«ሮቨሩ ፍሎት ላይ ቆሞ ቀረ። ሳተላይት ከሃያ በላይ ያያል፣ ሰማዩም ክፍት ነው። ምኑ ነው የጎደለው?»

ጉዳዩ ሮቨሩ የሚያየው ሳይሆን ሁለቱ በጋራ የሚያዩት ነው። ከሳተላይቱ የሚመጣው ሞገድ ርዝመቱ 19 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሮቨሩ የአንዱን ሞገድ ቁራጭ በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ከዚያ በፊት ስንት ሙሉ ሞገድ እንዳለፈ ግን አያውቅም። ያንን ሙሉ ቁጥር እርግጠኛ ሆኖ ሲይዘው ፊክስድ ይላል። እየገመተ ሲቆይ ፍሎት ነው። ለመወሰን ደግሞ ቤዙም ያያቸውን ሳተላይቶች ይፈልጋል።

መጀመሪያ የእርማቱን ዕድሜ ይመልከቱ፤ ስክሪኑ ላይ `Age` ተብሎ በሰከንድ ይጻፋል። አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ግንኙነቱ ጥሩ ነው። 10፣ 20፣ 30 እያለ የሚወጣ ከሆነ ሬዲዮው እየተቆራረጠ ነው፤ ባትሪውን፣ የአንቴና ገመዱንና የቤዙን ሬዲዮ ከፍታ ይፈትሹ። ጭራሽ እርማት ካልገባ ፍሎትም አይልም ነበር፤ ያኔ የሁለቱ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ወይም ፕሮቶኮል አልገጠመም ማለት ነው።

ዕድሜው ጥሩ ሆኖ ፍሎት ከሆነ ቤዙ ምን እየላከ እንደሆነ ይዩ። ሮቨሩ አራት ዓይነት ሳተላይት ሲያይ ቤዙ የጂፒኤሱን መልእክት ብቻ ከላከ፣ ከሃያዎቹ የሚጠቅሙት ሰባት ስምንት ናቸው። የእርማት መልእክቶች በሚላኩበት በአርቲሲኤም 3 ቅርጸት አቆጣጠር `1077` ጂፒኤስ፣ `1087` ግሎናስ፣ `1097` ጋሊሊዮ፣ `1127` ቤይዱ ነው። የቤዙን ኮኦርዲኔት የሚሸከመው `1005` ወይም `1006` ደግሞ የግድ መኖር አለበት።

ሁሉም ልክ ከሆነ ወደ ቤዙ ሄደው ዙሪያውን ያስተውሉ። እኔ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ፍሎት አስለቅሶኛል። ለካ ጠባቂው ፀሐይ እንዳይመታው መኪናውን አምጥቶ ከትራይፖዱ ሁለት እርምጃ ላይ አቁሞታል። ሲግናሉ ከቆርቆሮው እየነጠረ አንቴናው ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባ ነበር። መኪናው ሃያ ሜትር ያህል ፈቀቅ ሲል ሮቨሩ ወዲያው ፊክስድ አለ።

«ቤዙ ከሮቨሩ እስከ ስንት ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል?»

10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይቆዩ። ብዙ መሣሪያ ላይ የሚጻፈው የአግድም ጥራት 8 ሚሊ ሜትር ሲደመር በየኪሎ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ10 ኪሎ ሜትር 18 ይሆናል። ከፍታው ሁልጊዜ ከዚህ ይብሳል። በተግባር ግን ከርቀቱ በፊት ሬዲዮው ነው እጅ የሚሰጠው።

«ፊክስድ ካለ ዓይኔን ጨፍኜ ልመነው?»

ክፍት ሜዳ ላይ አዎ ማለት ይቻላል። ዛፍ ሥር፣ ግድግዳ አጠገብ ግን አይመኑት። ሮቨሩ የሞገዱን ሙሉ ቁጥር በስህተት ይዞ በሙሉ ልብ ፊክስድ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ነጥቡ ዲሲሜትሮች ሊያፈነግጥ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ለክተው ሲጨርሱ አንቴናውን ወደ መሬት ይድፉት፤ ሳተላይቶቹን ይልቀቅ። መልሰው ያቁሙት፣ እንደገና ፊክስድ ሲል ይለኩ። ሁለቱ በ2 ሴንቲሜትር ውስጥ ከገጠሙ ደግ ነው። የወሰን ድንጋይን የመሰለ የሚያጣላ ነጥብ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ይድገሙት፤ ሳተላይቶቹ እስከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሳተላይት ጋር ምንም አያገናኘውም፤ የፖሉ ውሃ ልክ። 2 ሜትር ፖል በአንድ ዲግሪ ቢያዘነብል ጫፉ 3.5 ሴንቲሜትር ይሸሻል፤ ስክሪኑ ደግሞ ምንም አይነግርዎትም። ፖሉን ነጥቡ ላይ አቁመው አረፋውን መሃል ያስገቡ፤ ከዚያ ጫፉ ሳይነሳ፣ ፖሉም ሳያዘነብል ግማሽ ዙር ያዙሩት። አረፋው ከመሃል ከወጣ የተሳሳተው ውሃ ልኩ ነው። በብሎኖቹ የሸሸበትን ግማሽ ይመልሱት፣ ቀሪውን ፖሉን በማስተካከል ይጨርሱ፤ ከዚያ እንደገና ያዙሩት።