«ወጪ» ወይስ «የወጪ»? የአፕ ስም በ30 ፊደል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ወጪ የሚመዘገብበትና የወር በጀት የሚያዝበት አፕ ሠርተናል። ሰው በቴሌብርም ሆነ በኤም-ፔሳ የከፈለውን፣ ዕቁቡንና ዕዳውን በእጁ ያስገባበታል። ስሙ «ቋጠሮ» ነው። ለአፕል አፕ ስቶር ርዕሱን «ቋጠሮ፦ የግል ፋይናንስ አስተዳደር መተግበሪያ»፣ ንዑስ ርዕሱን «የገንዘብ ፍሰትዎን በቀላሉ ያስተዳድሩ» ብለነዋል። ጓደኛዬ «ይሄማ የቢሮ ደብዳቤ ነው» ይላል። አማርኛው ልክ አይደለም? በቁልፍ ቃሉ ሳጥን ውስጥስ «ሒሳብ» ነው «ሂሳብ» የሚባለው? «ቴሌብር» ብንልስ?

መልስ፦ አማርኛው ስህተት የለበትም። ጓደኛዎም ልክ ናቸው።

«አስተዳደር» ሲባል ለአብዛኛው ሰው የሚታየው ቀበሌና ክፍለ ከተማ ነው። «ፋይናንስ» ደግሞ በር ላይ የተለጠፈ የቢሮ ስም ነው። ደሞዙ በወሩ አጋማሽ ያለቀበት ሰው «የገንዘብ ፍሰቴን ማስተዳደር አቃተኝ» ሲል ሰምተው አያውቁም። «ብሩ የት እንደሚገባ አላውቅም» ነው የሚለው። «ወጪ በዛብኝ» ይላል። አፕ ስቶር ላይ የሚፈልገውም በዚሁ አፉ ነው። «መተግበሪያ» የሚለውንማ ያውጡት። እዚያ መደብር ውስጥ መተግበሪያ ያልሆነ ነገር የለም።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። አፕል ለርዕስ 30 ፊደል፣ ለንዑስ ርዕስ 30 ፊደል፣ ተጠቃሚው ለማያየው የቁልፍ ቃል ሳጥን ደግሞ 100 ፊደል ይፈቅዳል። ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብም ይቆጠራሉ። የእርስዎ ርዕስ 28 ነው፤ ገብቷል። እኛ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። በላቲን ፊደል «በጀት» ለመጻፍ አምስት ይፈጃል፣ በፊደላችን ሦስት ይበቃል። ስለዚህ የእርስዎ ችግር የቦታ ጥበት አይደለም። ቦታውን የያዙት ቃላት ማንም የማይፈልጋቸው መሆናቸው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን የሰዋስው ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ቃሉን ብቻውን አይተወውም። ከፊቱ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ይለጥፍበታል። ከኋላው ን፣ ና፣ ም፣ ዎ ይጨምርበታል። ለእኛ «ወጪ»፣ «የወጪ»፣ «ወጪና»፣ «ወጪዎን» አንድ ቃል ናቸው። ፊደል በፊደል ለሚያነጻጽር ማሽን ግን አራት ናቸው። አፕል ለእንግሊዝኛ ቃላት ነጠላና ብዙ ቁጥሩን ለየብቻ አትድገሙ ብሎ ይመክራል። አማርኛ ግን አፕ ስቶር መግለጫ ከሚያስገባባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ የእኛን ቅጥያ ይፈታልኛል ብሎ መተማመን አያዋጣም። ሰው «ወጪ» ብሎ ከፈለገ፣ ርዕስዎ ላይ «ወጪ» የሚል ራቁቱን የቆመ ቃል ቢኖር ይሻላል።

ታዲያ «ወጪ መዝገብ» ብለን የ-ን እንቁረጣት? አይሆንም፤ ጆሮ ይቆረቁራል። «የወጪ መዝገብ» ነው አማርኛው። ደግነቱ ቋንቋው ራሱ መውጫ አዘጋጅቷል። በመ- ጀምሮ በ-ያ ወይም በተለወጠ መጨረሻ ፊደል የሚያልቀው የመሣሪያ ስም፣ ከፊቱ የሚመጣውን ስም ያለ የ- ይቀበላል። ቡና መፍጫ እንላለን። እጅ መታጠቢያ እንላለን። ስለዚህ «ወጪ መመዝገቢያ» ሙሉ ሰዋስው ያለው አማርኛ ነው፤ «ወጪ»ም ሳትነካ ቆማለች።

ለበጀትስ? «በጀት መያዣ» ብዬ ነበር ለማለት የከጀለኝ፤ በጀት ይያዛልና። ግን «መያዣ» በገንዘብ ወሬ መሀል ሲገባ ባንክ የሚጠይቀውን ዋስትና ያስታውሳል። ብድር ሰጪ አፕ እንዳይመስልብዎ ይተዉት። «በጀት» ለብቻው ይበቃል። ርዕሱን እንዲህ ባደርገው ደስ ይለኛል፦

```
ቋጠሮ: በጀት እና ወጪ መመዝገቢያ
```

21 ፊደል ነው። «እና» ለብቻው የተጻፈው ሆን ተብሎ ነው። በድርሰት ውስጥ ቢሆን «በጀትና ወጪ» ብዬ አርምልዎ ነበር፤ እሱ ያምራል። እዚህ ግን ና በበጀት ጅራት ላይ ከተለጠፈች «በጀት» የሚለው ቃል ከርዕሱ ጠፋ ማለት ነው። የቀሩትን ዘጠኝ ፊደላት ለመሙላት አይቸኩሉ። «ምርጥ» እና «ቁጥር 1» ለማለት እጅ ይበላል፤ ማንም ግን እነሱን ብሎ አይፈልግም።

ንዑስ ርዕሱ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። አማርኛ ሰውን ሲያዝ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ አይለቅም። «መዝግብ» ካሉ ሴቷን ተዉ። «መዝግቢ» ካሉ ወንዱን። «ያስተዳድሩ» አክብሮት ነው፤ ግን 22 ዓመት ላልሞላው ተማሪ የባንክ ማስታወቂያ ይሆንበታል። እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን መደብ ነው። «እኔ» ሲል አማርኛ ጾታም ማዕረግም አይጠይቅም። ሰውየው በሆዱ የሚለውን ይዋሱት፦

```
ብሬ የት ገባ? ቁጠባ፣ ዕቁብ፣ ዕዳ
```

ይህ 22 ነው። ግማሹ ለዓይን ነው፤ አንባቢው «የኔ ነገር!» ብሎ እንዲቆም። ግማሹ ለፍለጋ ነው፤ ሦስቱም ቃላት ቅጥያ የላቸውም። አፕዎ ዕቁብና ዕዳ ይመዘግባል ስላሉኝ ነው የጻፍኳቸው። የማይሠራውን ነገር ስሙን መጥራት በአፕል ደንብ ያስመልሳል።

ወደ «ሒሳብ» እና «ሂሳብ» ስመጣ፣ እንደ ቋንቋ ሰው መልሴ ግልጽ ነው። ሥሩ የግእዙ «ሐሰበ» ስለሆነ በሐመሩ ሐ «ሒሳብ» ይጻፋል። «ዕዳ»ም «ዕቁብ»ም በዐይኑ ዐ ነው። ዓይን በሚያየው ርዕስና ንዑስ ርዕስ ላይ በዚሁ ይጽኑ፤ አንዱን በዐ አንዱን በአ አይቀላቅሉ። ግን ሰው በስልክ ሲጽፍ ጣቱ የቀረበውን ፊደል ነው የሚነካው። ለኮምፒዩተር ደግሞ ሂ `U+1202` ነው፣ ሒ `U+1212` ነው፤ ድምፃቸው አንድ መሆኑ አይገባውም። ስለዚህ የማይታየው ሳጥን የሚሠራው ለዚህ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ ፊት ለፊት ይቁም፣ ሕዝቡ የሚጽፈው ከኋላ ይግባ። «ወጪ»ን «ወጭ» ብሎ የሚጽፍም ብዙ ነው፣ በተለይ ጎንደርና ጎጃም። ስህተት አልለውም፤ የአነጋገር ልዩነት ነው። እሱም ይግባ።

ሳጥኑን ስንሞላ ግን አንድ ለእንግሊዝኛ የተሰፋ ደንብ ይገጥመናል። የአፕል መመሪያ እያንዳንዱ ቁልፍ ቃል ከሁለት ፊደል በላይ ይሁን ይላል። የገንዘብ ቃላታችን ደግሞ አጫጭር ናቸው። ብር፣ ገቢ፣ ዕዳ፣ ወጪ፤ ሁሉም ሁለት ሁለት። «ወጪ»ና «ዕዳ» ርዕሱና ንዑስ ርዕሱ ላይ ስላሉ ተርፈዋል። የቀሩትን ጥንድ አድርጎ መጻፍ ነው፤ በአንድ ሐረግ ውስጥ ክፍት ቦታ ይፈቀዳል። «ገቢ ወጭ» ብንል ሁለቱንም በአንድ ድንጋይ መታን፦ «ገቢ»ም ገባች፣ ሁለተኛው የ«ወጭ» አጻጻፍም ገባ።

```
ሂሳብ,ሒሳብ,ገንዘብ,ገቢ ወጭ,እቁብ,እዳ ብድር,ብር ማስታወሻ,ደሞዝ,ደመወዝ,ሞባይል መኒ,hisab,wechi,equb,iqub,birr,bejet,kuteba
```

95 ፊደል ሆነ። «በጀት»፣ «ቁጠባ» እና «ዕቁብ» በፊደላችን እዚህ የሌሉት ተረስተው አይደለም። አፕል ሦስቱንም ቦታ አንድ ላይ ስለሚያነብ፣ ርዕስ ላይ ያለን ቃል እዚህ መድገም ቦታ ማባከን ነው። በላቲን የተጻፉት ደግሞ አማርኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ለሚጽፈው ነው። እሱ ብዙ ነው፤ የስልኩን ቋንቋ መቀየር የሚሰለቸው ሁላችንም ነን። እነዚህ አጻጻፎች መደበኛ ሕግ የላቸውም፤ ዕቁብን ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ለዚህ ነው። «ደሞዝ»ና «ደመወዝ»ም እንደዚያው፤ አንዱ የአፍ ነው፣ አንዱ የደብዳቤ።

ኮማዎቹን ልብ ብለው አይተዋቸዋል? የእንግሊዝኛዋ ኮማ ናት፤ ከኋላዋም ክፍት ቦታ የለም። በአማርኛ ኪቦርድ ሲጽፉ እጅዎ ነጠላ ሰረዝ «፣» ያስገባል። ነጠላ ሰረዝ ለአፕል መለያያ አይደለም። እሷን ካስገቡ ሳጥኑ ሙሉ አንድ ረጅም ትርጉም የለሽ ቃል ይሆናል፣ ቅጹም ዝም ብሎ ይቀበልዎታል። የሚታወቀው ኋላ ነው፤ በርዕሱ ቃላት ሲፈልጉት ይመጣል፣ «ሂሳብ» ወይም «ደሞዝ» ሲሉ የለም። እንዲህ ካጋጠመዎ መጀመሪያ ኮማውን ይመልከቱ። ቁልፍ ቃል የሚታረመው አዲስ የአፑ ሥሪት ሲልኩ ብቻ ስለሆነ፣ ከመላክዎ በፊት ማየቱ ብዙ ድካም ያተርፋል።

«ቴሌብር»ን በተመለከተ ነገሩ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ዛሬ ሰው ሞባይል መኒ አይልም። «ቴሌብር አርጊልኝ» ነው የሚለው፤ የድርጅቱ ስም ግስ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቢሆንም የሌላ ድርጅት የንግድ ስም ነው። ኤም-ፔሳም እንዲሁ። የአፕል ደንብ የሰውን የንግድ ስም ያለ ፈቃድ በርዕስም በቁልፍ ቃልም መጠቀም ይከለክላል፣ አፑም ሊመለስ ይችላል። ስሞቹ ቦታቸው ረጅሙ መግለጫ ነው፤ ያውም በጥንቃቄ። «ከቴሌብር ጋር የሚሠራ» አይበሉ፤ ግንኙነት ያለዎት ያስመስላል። «በቴሌብር ወይም በኤም-ፔሳ የከፈሉትን በእጅ ይመዘግቡበታል» ይበሉ። እውነቱም እሱ ነው። መግለጫው ረጅም ስለሆነ እዚያ «እርስዎ» ማለት አይከብድም።

ይህን ሁሉ የሚያስገቡት፣ አማርኛ የሚል ምርጫ ስለሌለ፣ በእንግሊዝኛው ክፍል ነው። ጎግል ፕሌይ ላይ ግን አማርኛ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ርዕሱም እንዲሁ 30 ፊደል ነው፤ ከዚህ የጻፍኩልዎ እንዳለ ይሄዳል። የተደበቀ የቁልፍ ቃል ሳጥን ግን የለውም። በምትኩ 80 ፊደል የሚይዝ አጭር መግለጫ አለ፤ እሱን ሁሉም ሰው ያየዋል። እዚያ «ሂሳብ ሒሳብ እቁብ ዕቁብ» ብለው እንዳይደረድሩ። ጎግል የቃላት ክምር አይወድም፤ አንባቢም ሲያየው ፊደል ያልለየ ሰው የጻፈው ይመስለዋል።