ስኳር ያለበት ሰው ሲጾም፦ ከአንድ የድሬዳዋ ፋርማሲስት ጋር ጥያቄና መልስ

ከሳቢያን፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም አንድ ፍሬ፣ ሜትፎርሚን 500 ደግሞ ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ነው የምትጾመው። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ላብ በላብ ሆነች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሯም ተምታታ። ሙቀቱ ነው ብለን ውሃ አጠጥተን አስተኛናት። እኔ ልጇ ነኝ፣ ጾሙን ታቁም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሙቀት ብቻ አይመስለኝም። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የንግግር መምታታት አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስኳር መውረድ ነው። እኛ አገር ላብ ሲያይ ሁሉም «ድሬ ናትና!» ይላል፤ ምልክቱም በዚያው ይታለፋል። እንዲህ ሆና ስታገኟት አታስተኟት። ማሽን ካለ ጣቷን ወግታችሁ ለኩ። ማሽን ከሌለ ወርዷል ብላችሁ ስኳር ስጧት። ከፍ ብሎም ቢሆን ያቺ ትንሽ ስኳር ብዙ አትጎዳትም፤ ወርዶ ዝም ማለት ግን ሊገድል ይችላል።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ። ሁለቱ ኪኒኖቿ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ጠባይ የለውም። ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያወጣ ይገፋፋል፤ ሰውየው በላ አልበላ አይለይም። እናትሽ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኪኒኑን ውጣ ቅዳሴ ብትሄድ፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መድኃኒቱ በርትቶ ይሠራል። ሆዷ ባዶ ነው። ከዚያም ቶሎ ከሰውነት አይወጣም፤ ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋና ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ግሊቤንክላማይድን ባዶ ሆዷን እንዳትውጥ። ክትትል የምታደርግበት ሐኪም እስኪያያት ድረስ ጠዋት ትብላ፣ ኪኒኗንም ከምግብ ጋር ትውሰድ። የጾም ምግብ መሆኑ ችግር የለውም፤ ሽሮም ምስርም ይሆናል። ለሐኪሙ ያየሽውን ሁሉ ንገሪው፣ የኩላሊት ምርመራም እንዲታዘዝላት ጠይቂ።

«ጾሙን ታቁም?» ላልሽው፣ እኔ ሁለት ነገር እለያለሁ። አንዱ ከሥጋና ከወተት መከልከል ነው፤ ይህ ለስኳሯ አደጋ የለውም። ሌላው እስከ 9 ሰዓት ምንም አለመቅመስ ነው፤ አደጋው ያለው እዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ታቀልላለች። የንስሐ አባቷን አነጋግሩ፤ መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መሆኑን በግልጽ ንገሯቸው። ብዙ እናቶች «ልጆቼ ጾሜን ሊያስተዉኝ ነው» ብለው እስከ መጨረሻው ይደብቃሉ። ከአባታቸው አፍ ሲሰሙት ግን ይቀበላሉ።

የግድ እስከ 9 ሰዓት እቆያለሁ ካለች፣ ኪኒኑን በራሳችሁ ወደ 9 ሰዓት አታዛውሩት። 9 ሰዓት ላይ ወስዳ ማታ ጥቂት ቀምሳ ከተኛች፣ ስኳሩ ሌሊት ተኝታ ሳለች ሊወርድ ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ስኳርን ከልክ በታች በማውረድ በኩል አደጋው ወዳነሰ መድኃኒት ሊቀይርላት ይችላል። ያ የእሱ ውሳኔ ነው።

ያው ጠያቂ፦ ስኳር ስጧት ስትል ስንት? ለስላሳ ይሆናል?

መልስ፦ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጧት። ለስላሳም ይሆናል፤ ግማሽ ብርጭቆ ይበቃል፣ ግን ስኳር አልባው አይሠራም። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙ። ከዚያ የሚቆይ ምግብ ትብላ፣ ዳቦ ወይም እንጀራ።

አንድ ነገር አደራ። ግሊቤንክላማይድ የወሰደ ሰው «ተሻለኝ» ሲል ነገሩ አላለቀም። መድኃኒቱ ገና በሰውነቷ ውስጥ ስላለ ከሰዓታት በኋላ ዳግም ሊወርድ ይችላል። ያን ቀን ብቻዋን አትተዋት፣ ሌሊትም ለኪ። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አትስጧት፣ ያንቃታል። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ከገንደ ቆሬ፦ እኔ ረመዳን ሲገባ የስኳር ኪኒኔን በሙሉ አቆማለሁ። ቀኑን ሙሉ ካልበላሁ ስኳሩ ከየት ይመጣል? አስር ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የጾምኩት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀን ላይ መድኃኒት መቀነስ አለበት ማለትዎ ትክክል ነው። በሙሉ ማቆምዎ ግን አይደለም። ባይበሉም ጉበት ያከማቸውን ስኳር ይለቃል። ማታ ደግሞ በተምር ያፈጥራሉ፤ ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ጣፋጩ ይከተላል። በዚያ ሰዓት ያለ መድኃኒት ስኳርዎ የት እንደሚደርስ ለክተው ያውቃሉ? አንድ ማታ ካፈጠሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩት፣ ቁጥሩ ራሱ ይነግርዎታል።

ኪኒንዎ ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ጠዋትና ማታ የሚወስዱት ወደ ማፍጠሪያና ወደ ሱሁር ይዞራል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወስዱ ከሆነ ሁለቱን በማፍጠሪያ፣ አንዱን በሱሁር ይወስዳሉ። ሌላ ኪኒን ካለበት ካርዱን ይዘው ይምጡ። ስሙን ሳላይ መናገር አልፈልግም።

ከሐረር፣ ጁጎል፦ አባቴ 55 ዓመቱ ነው። ድብልቁን ኢንሱሊን ጠዋት 20፣ ማታ 10 ይወጋል። ሐኪሙ «መጾም ትችላለህ፣ ግን ከረመዳን በፊት ና» ብሎት አልሄደም። ሦስት ቀን ቀርቷል።

መልስ፦ ሦስት ቀን ይበቃል፣ ነገ ውሰደው። ሐኪሙ ምን ሊለው እንደሚችል ልንገርህ፤ ይህን ግን በራሳችሁ አትጀምሩት።

እንዲህ ዓይነቱን ድብልቅ ለሚወጋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደረገው የጠዋቱን መጠን ወደ ማፍጠሪያ ማዞር ነው። የማታው ወደ ሱሁር ይሄዳል፤ ግን ከሩብ እስከ ግማሽ ይቀነሳል። ለአባትህ ሲሰላ በማፍጠሪያ 20፣ በሱሁር ከ5 እስከ 7 አካባቢ ማለት ነው። የሱሁሩ የሚቀነሰው ከኋላው ረጅም ባዶ ቀን ስላለ ነው። በጣም የማየው ስህተት «ጠዋት 20 ነው የታዘዘልኝ» ብሎ 20ውን በሱሁር መውጋት ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ከሰዓት በኋላ ይወድቃል።

ድብልቁ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ነው የሚወጋው። አዛን ሲል ይለካ፣ ይወጋ፣ በተምርና በውሃ ያፍጥር፣ መግሪብ ይስገድ፣ ከዚያ ራቱን ይብላ። ጊዜው ይገጥማል። ሲለካ ከ70 በታች ከሆነ ግን መጀመሪያ ይብላ።

ቀን ላይ 4 ሰዓት፣ 7 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ይለካ። ከ70 በታች ከሆነ ለማፍጠሪያ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢቀርም ጾሙን ይፍታ። ከ300 በላይ ከሆነም እንዲሁ። ደህና ካልተሰማው ቁጥሩን አይጠብቅ።

አሁን ልጠይቅህ፤ አባትህ ማታ ይቅማል? ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ሌሊቱን ሲቅም አድሮ ሱሁር ሳይበላ የሚተኛ ሰው የሱሁሩን መርፌ ከወጋ አደጋ ላይ ነው። ያልበላ ሰው ያን መርፌ መውጋት የለበትም፣ ያን ቀንም ባይጾም ይሻለዋል። ለሐኪሙ መቃሙን ካልነገረው የሚሰጠው ዕቅድ ለሌላ ሰው የተሠራ ይሆናል።

ያው ጠያቂ፦ ይቅማል። እውነቱን ለመናገር ሱሁርም አይበላም። ደግሞ ጣት መውጋትና መርፌ ጾም ያስፈታል ይላል።

መልስ፦ ብዙ ዑለማዎች ለምርመራ ጣት መውጋትም ሆነ ኢንሱሊን መርፌ ጾም አያስፈታም ይላሉ፣ ምግብ አይደለምና። እኔ ግን ፋርማሲስት ነኝ፤ ሸይኹ ራሳቸው ቢነግሩት ይሻላል። ሱሁር የማይበላ ከሆነ ሐኪሙ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። በአል-በቀራ ሱራ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣ ተፈቅዷል፤ ጨርሶ ለማይችልም ድሃ ማብላት አለ።

ከከዚራ፦ ስለ ጾም ስለሆነ ልጠይቅ። እኔ ስኳር የለብኝም፣ ጨጓራ ነው ያለብኝ። ግሊቤንክላማይድ ይረዳኛል?

መልስ፦ በፍጹም! ያ የስኳር መድኃኒት ነው፤ ስኳር የሌለበት ሰው ቢውጠው ራሱን ሊስት ይችላል። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ታዝዞልዎት ከሆነ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ይውሰዱት። ሰገራዎ ጥቁር ከሆነ ወይም ደም ካስመለስዎ ጾሙን ትተው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከድሬዳዋ፣ ነርስ ነኝ፦ የመጀመሪያዋ ጠያቂ እናቷ የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብህ። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው ሲወርድ ልባቸው ላይመታ፣ እጃቸውም ላይንቀጠቀጥ ይችላል። ደግሞ ከልጅነታቸው ኢንሱሊን የሚወጉ ወጣቶችን አልጠቀስክም። እኛ ጋ «አልተውም» የሚሉ ይመጣሉ። እየለኩ የሚጾሙም አሉ።

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ እህቴ። እነዚያ ላይ የሚቀረው ምልክት ላብ ነው፤ ድሬ ላይ ደግሞ ያንኑ ላብ ነው በሙቀት የምናሳብበው። እነሱ በስሜታቸው ሳይሆን በማሽን መሄድ አለባቸው።

ስለ ወጣቶቹ፣ እየለኩ ይጹሙ ማለትሽ ከሆነ፣ በሁሉም አልስማማም። ከልጅነቱ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መርፌውን ጨርሶ ከዘለለ ደሙ ውስጥ አሲድ ይከማቻል፤ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣን ትንፋሽ ይመጣል። በቀን አራት አምስት ጊዜ የሚለካበት ስትሪፕ ለሌለው ልጅ «ጹም» ለማለት አፌ አይደፍርም። ስትሪፕም ሐኪምም ቤተሰብም ኖሮት የሚጾም እንዳለ አውቃለሁ። በዚህ ሐኪሞችም አንድ ዓይነት አይናገሩም።

ከመጋላ፦ ፍሪጅ የለኝም። በጾም ሰዓት ኢንሱሊኑን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እውላለሁ፣ ይበላሻል?

መልስ፦ በድሬ ቀን ፀሐይ፣ አዎ፣ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። በማፍጠሪያና በሱሁር ብቻ የሚወጉ ከሆነ ይዘውት መዞር አያስፈልግም፣ ቤት ይተዉት። ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልለው ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ያስገቡት። ማሰሮውን ውሃ በያዘ ሰፊ ሳህን ላይ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ያስቀምጡት፤ ሸክላው ውሃ እየሳበ ይቀዘቅዛል። የተከፈተውን ከአራት ሳምንት በላይ አያቆዩት። ድብልቁ ቀስ ብለው ሲያንከባልሉት እንደ ወተት እኩል መንጣት አለበት። ፍርፍር ከታየበት ወይም ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ አይውጉት፣ ሌላ ይቀይሩ።