ውሉ ከመታደሱ በፊት ጣሪያው

«ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሕንጻ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ትንሽ የሂሳብ ሥራ ቢሮ አለኝ። የኪራይ ውሌ መስከረም 30 ያልቃል። አከራዬ ጋሼ ከ18 ሺህ ወደ 24 ሺህ ብር ካላሳደግሽ አላድስም ብለዋል። ጣሪያው ግን ከሰኔ ጀምሮ ያፈሳል፤ የደንበኞቼን ፋይል ላስቲክ አልብሼ ነው የምሠራው። የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽም ይመለሳል። ስደውል «እሺ፣ ሰው እልካለሁ» ይላሉ። ደብዳቤ ብጽፍ ጠብ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። ኪራዩን ብይዝባቸውስ?»

እህቴ፣ ኪራዩን አትያዥ። በቀኑ በባንክ ክፈይ። ያስቀረሽ ቀን የጣሪያው ወሬ ይቀርና «አልከፈለችም» የሚለው ይቀድማል።

በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት ነው፤ የቢሮን ጭማሪ አይገድብም። ስለዚህ የምትይዢው ውልሽንና የፍትሐ ብሔር ሕጉን ነው። መስከረም 30ን ዝም ብለሽ ብታልፊና ጋሼም ባይቃወሙ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ያኔ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ሊያስለቅቁሽ ይችላሉ። ደብዳቤው ከዚያ በፊት ይድረስ። እኔ ብሆን ነሐሴ ሳይወጣ እጽፈዋለሁ። ጣሪያ የሚያፈስበት ቦታ የሚታየው ዝናብ እያለ ነው፤ በበጋ ሠራተኛው የቱን ይደፍናል?

መጀመሪያ ውልሽ ላይ ስለ ጥገና የተጻፈውን አንብቢ። ቧንቧ፣ በርና መስኮት ላይ የሚደርስ ትንንሽ ብልሽት ብዙ ጊዜ የተከራይ ነው። ጣሪያ ግን የባለቤቱ ነው። ፍሳሹ የታፈነው በሕንጻው ዋና መስመር ከሆነ እሱም የሳቸው ነው፤ የታችኛው ፎቅ ተከራይም እንደዚያው ከተቸገረ ምልክቱ ይኸው ነው። ሄደሽ ጠይቂ።

ጠብ እንዳይመስል፣ ማደስ እንደምትፈልጊ አስቀድመሽ ጻፊ። እንዲህ አድርጊው፦

«ጋሼ፣ ውላችን መስከረም 30 ስለሚያልቅ ለሁለት ዓመት ማደስ እፈልጋለሁ። ሰኔ 12 እና ሐምሌ 3 በስልክ የነገርኩዎት የጣሪያው ማፍሰስና የፍሳሹ መመለስ እስካሁን አልተሠሩም። ፎቶ አያይዣለሁ። እስከ ጳጉሜን 5 እንዲጠገኑልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጥገናው ካለቀ በኋላ ካለው ወር ጀምሮ 22 ሺህ ብር እከፍላለሁ፤ እስከዚያ የቀድሞው ኪራይ ይቀጥል።»

ቀኖቹን ከስልክሽ የጥሪ ዝርዝር አውጪ። ጭማሪውን ከጥገናው ጋር ያሰርሽበት ዓረፍተ ነገር ዋናው ነው፤ እንዳታወጪው።

እሺ ካሉሽ «እሺ»ው አዲሱ ውል ላይ ይግባ። በተባለው ቀን ካልተሠራ፣ ሁለታችሁ ባያችሁት ፕሮፎርማ አንቺ አሠርተሽ፣ በደረሰኝ ከሚቀጥለው ወር ኪራይ እንድትቀንሺ ይጻፍ። ይህ ሳይጻፍ ከኪስሽ አሠርተሽ ልቀንስ ብትይ መጨቃጨቅ ነው።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትሚና ራስሽ ውሰጂላቸው። አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው ቀን ጽፈው ይፈርሙልሽ። መፈረም ካልፈለጉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኪውና ደረሰኙን ከውሉ ጋር አስቀምጪው፤ ላስቲክ ከለበሰው መደርደሪያ ላይ ግን አይሁን።