ያለ መለኪያ መሣሪያ የሞኒተርን ብርሃንና ጋማ በዓይን ማስተካከል

«ጤና ይስጥልኝ። ፎቶግራፎችን አስተካክዬ ለህትመት እሰጣለሁ። በሞኒተሬ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ፎቶ ታትሞ ሲመጣ ጥላው ሁሉ ጨልሞ፣ የሰው ፊት ደብዝዞ አገኘዋለሁ። ብራይትነሱ 90 ላይ ነው። በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ‹ጋማ 1፣ ጋማ 2፣ ጋማ 3› የሚል ምርጫ አለ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ግን አይናገርም። የቀለም መለኪያ መሣሪያ የለኝም፤ በቅርቡም አላገኝም። በዓይኔ ብቻ ምን ያህል ማስተካከል እችላለሁ?»

ጤና ይስጥልኝ። ህትመትን የሚያጨልሙት ሁለቱ ዋነኛ ምክንያቶች፣ ማለትም የስክሪኑ የብርሃን መጠንና በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉት ግራጫዎች ምን ያህል እንደሚበሩ የሚወስነው ጋማው፣ ያለ መሣሪያም በበቂ ሁኔታ ይስተካከላሉ፤ የነጩ ቀለም ግን በዓይን ብቻ በእርግጠኝነት የሚደረስበት አይደለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዓይን ተፈጥሮ ነው። ዓይን አንድን ግራጫ ለብቻው አይቶ ልክ መሆኑን ሊፈርድ አይችልም፤ ሁለት ግራጫዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡለት ግን ትንሿን ልዩነት ሳይቀር ይለያል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርብልዎ ሥራ ሁሉ ዓይንዎን «እነዚህ ሁለቱ እኩል ናቸው ወይስ አይደሉም?» ብሎ ከመጠየቅ አያልፍም።

ከመጀመርዎ በፊት ሞኒተሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ይቆይ። ብርሃኑን እንደ ምስሉ ይዘት የሚቀያይረውን ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ ኢኮ ሞድንና ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን Night light ያጥፉ። በስክሪኑ ላይ መስኮት ወይም አምፖል የሚያንጸባርቅ ከሆነም አቅጣጫውን ይለውጡ።

የመጀመሪያው ሥራ የብርሃኑን መጠን ማውረድ ነው። በኤልሲዲ ሞኒተር ላይ ብራይትነስ የሚባለው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ የጀርባ መብራቱን ብቻ ስለሚያዝ ጋማውን አይነካም፤ በዚህም ምክንያት አስቀድሞ ሊስተካከል ይችላል። ለህትመት የሚሠራ ሰው ስክሪኑን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር ባለው መጠን ውስጥ ቢያደርገው መልካም ነው። እርስዎ ፎቶግራፍ የሚያነሱበት ካሜራ ካለዎት የብርሃን መለኪያ በእጅዎ አለ ማለት ነው። ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ነጭ ያድርጉ፤ ካሜራውን በአይኤስኦ 100 እና በአፐርቸር f/4 ያቁሙ፤ የኤክስፖዠር ማካካሻውን ዜሮ አድርገው ነጩ ብቻ ፍሬሙን እንዲሞላ በቀጥታ ፊት ለፊት ያነጣጥሩ። በዚህ አቋም ካሜራው የሚሰጥዎ የሸተር ፍጥነት የታችኛው ቁጥር በሁለት ሲባዛ የስክሪኑን ብርሃን በካንዴላ በካሬ ሜትር ይነግርዎታል፦ 1/125 ካለ ስክሪኑ 250 ገደማ ነው፤ 1/50 ካለ 100 ገደማ ነው። ስሌቱ በብዙ ካሜራዎች ላይ ከሚሠራበት የመለኪያ ቋሚ ቁጥር 12.5 የመጣ ሲሆን የካሜራው መለኪያ አንድ ሦስተኛ ስቶፕ ቢስት እንኳ 250ን ከ100 ለመለየት ከበቂ በላይ ነው። ብራይትነሱን 1/50 እስኪያሳይ ድረስ ዝቅ ያድርጉ። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስክሪኑ የደከመ ይመስልዎታል፤ ዓይንዎ እስኪለምደው ድረስ ይታገሡ እንጂ መልሰው አይጨምሩት።

ቀጥሎ የሁለቱን ጫፎች ጉዳይ ይጨርሱ፤ ምክንያቱም ኮንትራስት ከተዛባ ጋማውም አብሮ ይዛባል። በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራምዎ ውስጥ አንድ ሙሉ ጥቁር ገጽ ከፍተው በላዩ ላይ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ በሆነበት ልክ 4፣ 8፣ 12 እና 16 ዋጋ ያላቸውን ትንንሽ ካሬዎች ይሣሉ፤ በሌላ ነጭ ገጽ ላይ ደግሞ 246፣ 250 እና 253 ያላቸውን ያስቀምጡ። በነጩ ገጽ ላይ 250 የማይለይ ከሆነ ኮንትራስቱ በዝቷልና እስኪለይ ድረስ ይቀንሱት። በጥቁሩ ገጽ ላይ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ 8 ሊታይዎ ይገባል። አራቱም ካሬዎች በአንድነት ከጠፉ ግን በአብዛኛው ጥፋቱ የሞኒተሩ ቁልፎች ሳይሆን የኤችዲኤምአይ ምልክቱ ነው፤ አንዱ ወገን ከ0 እስከ 255፣ ሌላው ከ16 እስከ 235 እየተነጋገረ ነውና በግራፊክስ ካርዱ ማስተካከያም በሞኒተሩ ሜኑም ውስጥ ክልሉን Full ያድርጉት።

አሁን ወደ ጋማው እንምጣ፤ የእርስዎ ጥያቄ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። አንድ መስመር ጥቁር፣ አንድ መስመር ነጭ እየተፈራረቀ የተሣለ ገጽ ከሩቅ ሲታይ መስመሮቹ ይዋሃዱና የነጩን ብርሃን ልክ ግማሽ የሚሰጥ ግራጫ ይሆናሉ። ይህ ግማሽነት ከሞኒተሩ ጋማ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ግማሹ ፒክስል ሙሉ ነጭ፣ ግማሹ ሙሉ ጥቁር ስለሆነ ብቻ የመጣ እውነተኛ ግማሽ ነው። በአንጻሩ ወጥ የሆነ ግራጫ ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰጥ የሚወስነው ጋማው ነው። እንግዲህ ከመስመሮቹ ጋር የሚመሳሰለው ወጥ ግራጫ የቱ እንደሆነ ካወቁ የሞኒተርዎን ጋማ አወቁ። ጋማ 2.2 ከሆነ የሚመሳሰለው ዋጋ 186 ነው። 174 ከተመሳሰለ ጋማው 1.8፣ 180 ከሆነ 2.0፣ 192 ከሆነ ደግሞ 2.4 ገደማ ነው። የሙከራ ምስሉን ራስዎ በሚከተለው ፓይተን ሊሠሩት ይችላሉ፤ የሚወጣውን ፋይል ጊምፕ ይከፍተዋል።

```python
vals = [162, 168, 174, 180, 186, 192, 198, 204]
with open("gamma.pgm", "wb") as f:
    f.write(b"P5 900 300 255\n")
    for y in range(300):
        row = bytearray([255 if y % 2 else 0] * 900)
        if 100 <= y < 200:
            for i, v in enumerate(vals):
                x = 50 + i * 100
                row[x:x+60] = bytes([v] * 60)
        f.write(row)
```

ምስሉን በ100 ፐርሰንት መጠን ይክፈቱት፤ የሞኒተሩም ሪዞሉሽን የራሱ ትክክለኛ ሪዞሉሽን ይሁን። በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ጊዜ ራሴ ስለተሳሳትኩበት ነው። ፕሮግራሙ ምስሉን ወደ 125 ፐርሰንት አሳድጎ እያሳየኝ መሆኑን ሳላስተውል አንድ ሙሉ ምሽት ጋማ ሳስተካክል አምሽቻለሁ፤ በማግስቱ ያገኘሁት ከመጀመሪያው የባሰ ስክሪን ነበር። ስህተቱን የሚያጋልጠው ምልክት ግልጽ ነው፦ መስመሮቹ ከቅርብ ሲታዩ እኩል ስለታም መሆናቸው ይቀርና በመካከላቸው ደብዛዛና ደማቅ የሆነ ሰፊ ሞገድ ይታያል። ሞገድ ካዩ ያቁሙ፤ ያ ገጽ ግማሽ ብርሃን አይደለም። በሞኒተሩ ላይ ሻርፕነስ የሚባለው ቁልፍ ከፍ ብሎ ከሆነም መስመሮቹን ያዛባልና ወደ መካከለኛ ቦታው ይመልሱት። ጊምፕ በቀለም ፕሮፋይል አማካይነት ግራጫዎቹን ቀይሮ እንዳያሳይዎም በView ሜኑ በColor Management ሥር ያለውን Color-Manage this View ለጊዜው ያጥፉት።

ከዚያ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይራቁ ወይም ዓይንዎን አጨንቁረው መስመሮቹ እስኪዋሃዱ ድረስ ይመልከቱ። ከካሬዎቹ መካከል አንደኛው ከገጹ ጋር ተዋህዶ ይጠፋል፤ በግራው ያሉት ከገጹ ጨለም ብለው፣ በቀኙ ያሉት ደግሞ ነጣ ብለው ይቀራሉ። ራስዎን ከፍና ዝቅ ሲያደርጉ የሚጠፋው ካሬ ከተቀያየረ ፓነሉ እንደ ማዕዘኑ የሚለዋወጥ ነው ማለት ነውና ሁልጊዜ ሲሠሩ በሚቀመጡበት ከፍታ ላይ ሆነው ብቻ ይፍረዱ።

ልክ እንደ እርስዎ ቁጥር አልባ የጋማ ሜኑ ያለው አንድ ሞኒተር በዚህ መንገድ ስፈትሽ ያገኘሁትን ላካፍልዎ። በ‹ጋማ 1› የጠፋው ካሬ 174 ነበር፤ በ‹ጋማ 2› በ180 እና በ186 መካከል ወደቀ፤ በ‹ጋማ 3› 192 ጠፋ። ባለቤቱ ይሠራ የነበረው ‹ጋማ 1› ላይ፣ ማለትም በ1.8 ነው። ይህ ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንየው። በፋይሉ ውስጥ 40 ዋጋ ያለው ጥልቅ ጥላ በጋማ 2.2 የነጩን 1.7 ፐርሰንት ብርሃን ይሰጣል፤ በ1.8 ግን 3.6 ፐርሰንት ይሰጣል። መካከለኛው 128 ደግሞ ከ22 ወደ 29 ፐርሰንት ያድጋል። ስለዚህ ስክሪኑ ጥላውን ከእጥፍ በላይ አብርቶ ሲያሳየው ሰውየው ጥላው በቂ ብርሃን አለው ብሎ ይተወዋል፤ ማተሚያው ግን በፋይሉ ውስጥ ያለውን ጨለማ እንዳለ ያወጣዋል። እርስዎ የጻፉልኝ ምልክት፣ በተለይም ጥላው መባሱ፣ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

የእርስዎንም ሦስት ምርጫዎች በየተራ ፈትነው ለ186 የሚቀርበውን ይያዙ። ጥቂት ልዩነት ከቀረ በዊንዶውስ `dccw` ብለው የሚከፍቱት የካሊብሬሽን መሣሪያ በጋማ ገጹ ላይ ያጠራልዎታል፤ ከጨረሱ በኋላ ግን በራሱ ነጠብጣቦች ሳይሆን በመስመር ገጹ መልሰው ያረጋግጡ። ይህ ማስተካከያ የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ በሚልከው ምልክት ላይ ስለሆነ ብዙ ከጎተቱት የሰማይ ዓይነት ለስላሳ ሽግግሮች በእርከን የተከፋፈሉ ሆነው ይታዩዎታል። ስለዚህ ትልቁን ሥራ የሞኒተሩ ሜኑ፣ ትንሹን ብቻ ሶፍትዌሩ ይሥራው።

ስለ ነጩ ቀለም የምለው አጭር ነው። ከሜኑ ውስጥ 6500K ወይም sRGB የሚለውን ይምረጡና ይተዉት፤ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን በዓይን ለየብቻ ለማስተካከል አይሞክሩ። ዓይን በደቂቃዎች ውስጥ ሰማያዊ ያዘለውንም ሆነ ቢጫ ያዘለውን ነጭ «ነጭ» ብሎ ስለሚቀበለው ዛሬ ያስተካከሉት ነገ የተሳሳተ ሆኖ ይታይዎታል፤ የሚያነጻጽሩበት ሁለተኛ ነጭ በስክሪኑ ላይ የለምና። የአንድን ብራንድ ቀለም በትክክል ለማስመሰል ወይም የቆዳን ቀለም ለመወሰን የግድ እርግጠኛ መሆን ሲያስፈልግዎ መሣሪያ መዋስ እንጂ ሌላ መንገድ የለውም።

ሲጨርሱ ጨልሞ የታተመብዎትን ፎቶ ፋይል ሳይነኩ ይክፈቱትና ህትመቱን በጥሩ ብርሃን ሥር ከስክሪኑ አጠገብ ይያዙት። አሁን በስክሪኑ ላይ ያለው ጥላ እንደ ህትመቱ ጨለም ብሎ ከታየዎት ጥፋቱ የሞኒተሩ ነበር፤ ጥላውን በፋይሉ ላይ አብርተው እንደገና ያሳትሙት። ጋማው ተስተካክሎ፣ ብርሃኑም ወርዶ ህትመቱ አሁንም በጣም የጨለመ ከሆነ ግን ሞኒተሩን መንካት ያቁሙና ከአታሚው የሚጠቀሙበትን የወረቀትና የቀለም ፕሮፋይል ይጠይቁ።