«ስለምንረብሽ ነው የሚሄዱት?»

ጥያቄ፦
የ7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የአንዱ ሴክሽን የክፍል ኃላፊም ነኝ። ባለቤቴ የሥራ ቦታ በመቀየሩ ዝውውር ጠይቄ በዓመቱ አጋማሽ ጸደቀልኝ። የቀረኝ ስምንት የትምህርት ቀን ነው። የመሰናበቻ መልእክት ልጽፍ ስቀመጥ ወይ ልቅሶ ይሆንብኛል፣ ወይ የቢሮ ማስታወቂያ። ወሬው ሳይቀድመኝ አልቀረም፤ ትናንት አንድ ልጅ በር ላይ ጠብቆ «ቲቸር፣ ስለምንረብሽ ነው የሚሄዱት?» አለኝ። ምን ብዬ ልጻፍላቸው? መቼስ ልንገራቸው?

መልስ፦
ውድ መምህርት፣ ጽሑፉን ሳይጠብቁ ነገ በቃል ይንገሯቸው። ወሬ ከገባ በኋላ ዝም ሲሉ ልጆች ምክንያቱን ራሳቸው ይፈልጉለታል፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ያዞሩታል። ዛሬ ለርዕሰ መምህሩ ያሳውቁ፣ ተተኪው ታውቆ እንደሆነም ይጠይቁ። ነገ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ይናገሩ። ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከሆነ ጥያቄያቸውን ይዘው ይወጡና መልሱን ምንም ከማያውቅ ሰው ይሰማሉ። ለጥያቄ አሥር ደቂቃ ያህል ይስጧቸውና ወደ ትምህርቱ ይመለሱ።

የተጻፈው መልእክት ከመጨረሻው ቀን በፊት ባለው ቀን ይነበብ፤ የቀረ ጥያቄ ካለ አንድ ቀን ይተርፍዎታል። በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ የሚነበብ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ይሁን። መጀመሪያው ላይ ምክንያቱ ይቀመጥ። ብዙ መምህራን «ተዛውሬያለሁ» ብለው ያልፉታል። ቃሉ ሌላ ሰው ያስገደደ ያስመስላል፤ ልጆቹም ያስገደደውን ሰው ፍለጋ ይገባሉ። ስለዚህ የጠየቁት እርስዎ መሆንዎን በግልጽ ይጻፉ።

ቀጥሎ የሚያሳስባቸው ማርካቸው ነው፤ አፍረው አይጠይቁም እንጂ። ለምሳሌ እስካሁን ከ100 የ40ው ተይዟል እንበል፦ ሁለት አጫጭር ፈተናዎች ከ10 ከ10፣ የቡድን ሥራ ከ15፣ የቤት ሥራ ከ5። ችግር የሚመጣው ታሞ ሁለተኛው ፈተና ያመለጠውና «በሌላ ቀን ትፈተናለህ» የተባለው ልጅ ላይ ነው። ቃሉ የተሰጠው በአፍ ስለሆነ ለተተኪው መምህር ያ ባዶ ቦታ ዜሮ ሆኖ ይታየዋል። እንዲህ ያለውን ሁሉ ፈትነው ይጨርሱ፤ ያልደረሰልዎትን ከነስሙ ጽፈው ከማርክ መዝገቡ ጋር ያስረክቡ። እያንዳንዱም ልጅ የራሱን ማርክ ለብቻው አይቶ ያረጋግጥ። መልእክቱ ውስጥ ስለ ማርክ የሚጽፉት እውነት የሚሆነው ይህ ካለቀ ብቻ ነው።

«እንደ እናንተ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም» አይበሉ። የጎረቤት ሴክሽን በዕረፍት ሰዓት ይሰማዋል፤ እነሱንም እርስዎ ነዎት የሚያስተምሯቸው። የጥቂት ጎበዞችን ስም መጥራትም ያልተጠሩትን ይጎዳል። በዚህ ፈንታ ክፍሉ በሙሉ የለመደውን አንድ የሥራ ልማድ ይጥቀሱ፤ ከአዲሱ መምህር ጋርም ይጠቅማቸዋል። «መጥቼ አያችኋለሁ» የሚለውን ቀኑን ካልቆረጡ ይተዉት፤ ልጆች ይቆጥራሉ። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ልጆች፣ ከነገ በኋላ እዚህ አላስተምርም። ቤተሰቤ ወደ ሌላ ቦታ ስለሚሄድ ዝውውሩን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። በእናንተ ጠባይም ሆነ ውጤት ምክንያት አይደለም። እስካሁን ያገኛችሁት ከ40 የተያዘ ማርክ ተመዝግቧል፣ እያንዳንዳችሁም አይታችሁታል፤ አይጠፋም። ቀሪውን 60 ከአዲሱ መምህራችሁ ጋር ትሠራላችሁ። እሳቸው በሌላ መንገድ ሊያስረዱ ይችላሉ፤ ካልገባችሁ እኔን እንደምትጠይቁኝ ጠይቋቸው። በዓመቱ መጀመሪያ መልስ ካገኛችሁ በኋላ ደብተር ትዘጉ ነበር። አሁን 3x + 5 = 20 ሲሰጣችሁ x = 5 ብላችሁ አታቆሙም፤ 5ን መልሳችሁ አስገብታችሁ 15 + 5 = 20 መሆኑን ታያላችሁ። ይህን አትተዉት። እናንተን ማስተማር ደስ ብሎኛል፤ ትናፍቁኛላችሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይሰርዟት። እንባ ቢመጣም ቆም ብለው ይቀጥሉ፤ ልጆቹን የሚያስደነግጣቸው መምህራቸው ሳይጨርሱ ሲወጡ ነው። ከፈሩ ግን አስቀድመው ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡት።

በር ላይ የጠበቀዎትን ልጅ ነገ ክፍል ከመግባትዎ በፊት ለብቻው ይጥሩት። ስለ ረብሻው ምንም አያንሱበት። «የጠየቅኸኝን አስቤበታለሁ፤ አይደለም፣ በእናንተ ምክንያት አይደለም» ይበሉትና ምክንያቱን ከሁሉም በፊት ለእሱ ይንገሩት።