ልኩ የልብሱ ነው ወይስ የሰውነት? ሁለቱንም ጻፊ

«ደብረ ብርሃን ሆኜ በቴሌግራም የሴት ልብስ እሸጣለሁ። ሳይዙን ሁሌም እጽፋለሁ። ግን ደረቱ ስንት ነው፣ ቁመቱስ፣ ለኔ ይሆናል ወይ የሚል መልእክት ማቆሚያ የለውም። እናንተ ምን ብላችሁ ነው የምትጽፉት?»

እህቴ፣ እኔም እዚያው ደብረ ብርሃን ነኝ። በብዛት የምሸጠው ካፖርት ነው። ወደ መሐል ሜዳም ወደ ሸዋ ሮቢትም እልካለሁ። «አልሆነኝም» ተብሎ አንድ ልብስ ሲመለስ የመኪናው ሂሳብ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ልክ አጻጻፍ ላይ በጣም እጠነቀቃለሁ።

አንገቱ ላይ ያለው ቁጥር ለገዢዋ ብዙም አይነግራትም። የጀርመን 38፣ የፈረንሳይ 40 እና የጣሊያን 44 ተቀራራቢ ልክ ናቸው። ቦንዳ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ተደባልቆ ይመጣል። «ሳይዝ 40» ብቻ ካልሽ የትኛው 40 እንደሆነ በምን ትወቅ?

ሴንቲሜትር ጽፈሽም ጥያቄው ላይቆም ይችላል። ምክንያቱም ገዢዋ የምታውቀው የራሷን ደረት ነው። አንቺ የጻፍሽው ደግሞ የልብሱን። «ደረት 104» ስትይ፣ ደረቷ 92 የሆነ ሴት ይሰፋኛል ብላ ታልፈዋለች። 104 የሆነችው ደግሞ ልኬ ነው ብላ ትገዛና ቁልፉ አልገጥም ይላታል። ካፖርት ከሰውነት ሰፋ ማለት አለበት። በስስ ሸሚዝ ላይ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ትርፍ ይበቃዋል። በሹራብ ላይ ግን ከ10 እስከ 14 ይፈልጋል። የኛ አካባቢ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፤ የሸዋ ሮቢቷ በሸሚዝ ላይ ጣል ታደርገዋለች፣ የመሐል ሜዳዋ ከወፍራም ሹራብ በላይ ትለብሰዋለች። አንዱ ካፖርት ለሁለቱ አንድ ልክ አይደለም።

አንዱን ካፖርት ከነአለካኩ ልንገርሽ። ቡናማ፣ ገበር ያለው፣ የማይለጠጥ ነው። ቁልፉን ሁሉ ቆልፌ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። እጥፋቱን በእጄ አስተካከልኩ፣ ግን አልሳብኩትም። ከብብት እስከ ብብት 52 ሆነ። ዙሪያው እጥፉ ነው፣ 104። ዳሌው ጋ 55፣ ዙሪያው 110። ትከሻው ከስፌት እስከ ስፌት 40፣ እሱ አይታጠፍም። እጅጌው ከትከሻ ስፌት እስከ ጫፍ 60። ቁመቱ ከአንገቱ ሥር፣ ከትከሻው ላይ እስከ ታች 96። ከዚያ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩት፦

«የልብሱ ልክ፦ ደረት ዙሪያ 104፣ ዳሌ ዙሪያ 110፣ ትከሻ 40፣ እጅጌ 60፣ ቁመት 96 ሴ.ሜ። የሚሆነው፦ በሹራብ ላይ የሰውነት ደረታቸው ከ90 እስከ 94 ለሆነ፣ በሸሚዝ ላይ እስከ 98። ዳሌ እስከ 102። ቁመቷ 1.60 ለሆነች ጉልበት ላይ ያርፋል። አይለጠጥም።»

«የልብሱ ልክ» እና «የሚሆነው» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ዋጋና ስለ ቀለም ነው።

«ቁመት 96» ብቻ ብትይ ግን ማንም በዓይነ ሕሊናው አያየውም። የት ጋ እንደሚያርፍ ንገሪያቸው። ትከሻው ወደ ክንድ የወረደ ልብስ ከሆነ ደግሞ የትከሻ ስፌቱ ቦታው ላይ የለም፤ እጅጌውን ከአንገት ሥር ጀምረሽ ለኪና «ከአንገት» ብለሽ ጻፊ። አለበለዚያ እጅጌው አጭር ይመስላታል።

ሜትርሽንም ፈትሺው። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል። ከብረት ሜትር ጎን ዘርጊው፤ 1 ሜትር ላይ ልዩነት ካየሽ ጣዪው።

የሚለጠጥ ቀሚስ ከሆነ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፦ ተዘርግቶ ሳይሳብ ስንት እንደሆነ፣ በእጅ ሳብ ሲደረግ ደግሞ እስከ ስንት እንደሚሄድ። ለምሳሌ «ደረት ዙሪያ 80፣ ሲሳብ እስከ 94»። ስፌቱ እስኪጮህ አትሳቢው፤ ሲለበስ ምቾት በሚሰጥበት ልክ ብቻ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሻጭ ይረሳዋል። ልብሱን ገልብጪና የጎኑን ስፌት እዪው። በየጎኑ ከስፌቱ ውጪ 2 ሴንቲ ያህል የተረፈ ጨርቅ ካለ «ልብስ ሰፊ ጋ ትንሽ ይሰፋል» ብለሽ ጻፊ። ከሌለም «አይሰፋም» በይ። ሰፈሯ ልብስ ሰፊ ያላት ገዢ ይህን አንብባ ነው የምትወስነው። ገበር ያለው ካፖርት ላይ ግን ይህን ቃል አልገባም፤ ገበሩም ተፈትቶ መስፋት ስላለበት ዋጋው አያዋጣትም።